አዳም እንኳ ሳይጠየቅ አልተፈረደበትም

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1860ዎቹ መጀመሪያ፣ ቦታው የለንደን ዳርቻ የነበረው ዋንድስወርዝ ነው። ኩፐር የተባለ ሰው እዚያ ቤት ያሠራ ነበር። በ1855 የወጣው የከተማዋ አስተዳደር ሕግ፣ ቤት የሚሠራ ሰው መሠረት ከመጣሉ ከሰባት ቀን በፊት ለአካባቢው ቦርድ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። ሳያሳውቅ የጀመረ እንደሆነ ቦርዱ ቤቱን ማፍረስ ይችላል። ኩፐር "ማስታወቂያውን ልኬአለሁ" አለ፤ ቦርዱ "አልደረሰኝም" አለ። ሰባቱ ቀን ሳይሞላ ሥራውን መጀመሩን ግን ኩፐር ራሱ አልካደም። ግንባታው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ የቦርዱ ሰዎች አመሻሽ ላይ መጡ፤ ለምን እንዲህ አደረግህ ብለው አንዲት ቃል ሳይጠይቁት ቤቱን አፈረሱት።

ኩፐር ቦርዱን ከስሶ ካሳ ጠየቀ። የቦርዱ መከላከያ አጭርና ጠንካራ ነበር። ሕጉ የማፍረስ ሥልጣን ይሰጠናል፤ ከማፍረሳችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ የሚል ቃል ግን በውስጡ የለም አለ። ይህ እውነት ነበር፤ ሕጉ ስለ መጠየቅ ምንም አይልም። ሆኖም ፍርድ ቤቱ በ1863 ለኩፐር ፈረደለት። ዳኞቹ ያሉት ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ሰው ንብረቱን ከማጣቱ በፊት የመሰማት መብት አለው፤ ሕግ አውጪው ይህን ሳይጽፍ ቢቀር እንኳ ፍትሕ ራሱ ይሞላዋል። ኩፐር ቢጠየቅ ኖሮ ደብዳቤው በመንገድ ጠፍቶ እንደሆነ ያስረዳ ነበር። ጥፋቱ የቀናት ጉዳይ መሆኑን፣ ቤቱም ሊፈርስ የሚገባው አለመሆኑን ይናገር ነበር። ቦርዱ ቢሰማው ደግሞ የሚጎድልበት ነገር አልነበረም።

ከዳኞቹ አንዱ ባይልስ፣ ከዚያ 140 ዓመት በፊት በሌላ ችሎት የተነገረ ሐሳብ አነሣ። እግዚአብሔር ሁሉን እያወቀ፣ አዳምን ጠርቶ ሳይጠይቀውና መልሱን ሳይሰማ አልፈረደበትም የሚል ነው። ሁሉን የሚያውቅ ፈጣሪ ጠይቆ ከፈረደ፣ ሁሉን የማያውቅ ቦርድ እንዴት ሳይጠይቅ ያፈርሳል?

በዚህ ፍርድ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ ቦርዱ ቤት የማፍረስ ሥልጣን የለውም አላለም። የኩፐር ቤት መቆም ነበረበትም አላለም። የወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦርዱ ሥልጣኑን የተጠቀመበት መንገድ ትክክል አልነበረም አለ። ዛሬ የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት ክለሳ የምንለው ነገር ልቡ ይኸው ነው።

ዳኛው የማይጠይቀው ጥያቄ

ብዙ ሰው ክለሳን ከይግባኝ ጋር ያምታታል። ይግባኝ የሚሰማ ዳኛ ውሳኔው ትክክል ነው ወይ ብሎ ይመረምራል፤ ስሕተት ካገኘ ሽሮ በራሱ ውሳኔ ይተካዋል። በክለሳ የተቀመጠ ዳኛ ግን እኔ ብሆን ምን እወስን ነበር ብሎ አይጠይቅም። ፈቃድ ለማን እንደሚሰጥ፣ መንገድ በየት እንደሚያልፍ፣ በጀት ለምን እንደሚውል የመወሰን ሥልጣን በሕግ የተሰጠው ለመሥሪያ ቤቱ ነው። ዳኛው ያንን ሥልጣን ወስዶ ራሱ ቢወስን እሱም በተራው ከሥልጣኑ ወጥቷል ማለት ነው። ነገር ግን የተሰጠ ሥልጣን ሁሉ ወሰን አለው፤ ያንን ወሰን ማስጠበቅ የፍርድ ቤት ሥራ ነው።

ወሰኑ የሚታወቀው በሦስት ጥያቄዎች ነው። ጥያቄዎቹን በዚህ መልክ ያስቀመጡት እንግሊዛዊው ዳኛ ሎርድ ዲፕሎክ ናቸው፤ ዓመቱ 1984፣ ችሎቱም በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ነው። ጉዳዩ በቼልተንሃም ከተማ ስለሚገኘው የመንግሥት የስለላ ግንኙነት ማዕከል ነበር። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የማዕከሉ ሠራተኞች የሠራተኛ ማኅበር አባል እንዳይሆኑ አገደ፤ ከዚያ በፊት እንደ ልማዱ ማኅበራቱን አላማከረም። ዲፕሎክ ፍርድ ቤት የአስተዳደርን ውሳኔ የሚሽርባቸውን ምክንያቶች በሦስት መደቧቸው፦ ሕገ ወጥነት፣ ምክንያታዊነት ማጣት እና የሥነ ሥርዓት ጉድለት። ሌላ ምክንያት ወደፊት ሊጨመር እንደሚችልም ተናገሩ።

ማኅበራቱ ግን ተረቱ። ማማከር ይገባ እንደነበር ዳኞቹ ቢቀበሉም፣ መንግሥት ማማከሩ ራሱ የሥራ ማቆም አድማ ሊያስነሣና የአገርን ደኅንነት ሊጎዳ ይችል ነበር ብሎ ስለተከራከረ እሱን ተቀበሉ። ሦስቱን ምክንያቶች ለዓለም ያስተዋወቀው ፍርድ፣ ምክንያቶቹ የማይደርሱበት ቦታ እንዳለም አብሮ አሳይቷል።

ሥልጣኑ አለህ ወይ? ለምንስ ተሰጠህ?

የመጀመሪያው ጥያቄ የሕጋዊነት ነው። ቀላሉ መልኩ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ሕግ ለአንድ መሥሪያ ቤት ያልሰጠውን ሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ቢጠቀም ውሳኔው ዋጋ የለውም። ከባዱ መልክ ግን ሥልጣኑ በወረቀት ላይ ኖሮ ሕጉ ላላሰበው ዓላማ ሲውል ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው በ1968 የተፈረደው የፓድፊልድ ጉዳይ ነው።

በእንግሊዝ የወተት አምራቾች ወተታቸውን የሚሸጡት ለአንድ የግብይት ቦርድ ነበር። ቦርዱ አገሪቱን በ11 ክልል ከፍሎ ለየክልሉ የተለያየ ዋጋ ይከፍላል፤ ልዩነቱ የመጣው ከማጓጓዣ ወጪ ነው። ለንደን አጠገብ ያሉት የደቡብ ምሥራቅ ገበሬዎች፣ የማጓጓዣ ወጪ ከዓመታት ወዲህ ስለተለወጠ የእኛ ዋጋ ከፍ ሊል ይገባል አሉ። በቦርዱ ውስጥ ግን የሌሎቹ ክልሎች ተወካዮች ይበዛሉ፤ ለእነዚህ ቢጨመር ከእነዚያ ይቀነሳልና የድምፅ ብልጫ ማግኘት አልቻሉም። ሕጉ ሌላ በር ሰጥቷቸው ነበር። ቅሬታ ያለው ወገን ለግብርና ሚኒስትሩ ያመለክታል፤ ሚኒስትሩ ካዘዘ አጣሪ ኮሚቴ ይመረምረዋል።

ሚኒስትሩ ለኮሚቴው አልመራም አለ። ሕጉ "ሚኒስትሩ ካዘዘ" ስለሚል ማዘዝም አለማዘዝም የእኔ ምርጫ ነው የሚል ነበር ክርክሩ። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ደግሞ ኮሚቴው ለገበሬዎቹ ከወሰነ ውሳኔውን እንዲፈጽም ከእሱ የሚጠበቅ መሆኑ ነበር። ዳኞቹ በአብላጫ ድምፅ ይህን አልተቀበሉትም። ሕግ አውጪው ይህን ምርጫ ለሚኒስትሩ የሰጠው ትክክለኛ ቅሬታ እንዲመረመር ነው አሉ፤ ራሱን ከፖለቲካ ጣጣ ለማዳን ሲል ቅሬታን ቢያፍን፣ ሕጉን በሕጉ ዓላማ ላይ ማዞሩ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በሕጉ መሠረት እንደገና እንዲያየው ታዘዘ።

የዚህ ታሪክ መጨረሻ ክለሳ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ በሚገባ ያሳያል። ሚኒስትሩ ጉዳዩን ለኮሚቴው መራ፤ ኮሚቴው ለገበሬዎቹ የሚያደላ ሪፖርት አቀረበ። ሚኒስትሩ ግን ሪፖርቱን አልፈጽምም አለ፤ ይህን የማድረግ ሥልጣን ደግሞ ነበረው። ገበሬዎቹ በአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አሸንፈው የወተት ዋጋቸው ሳይጨምር ቀረ። ያገኙት በሕግ መሠረት የታየ ውሳኔ ነው፤ የሚፈልጉትን ውሳኔ ግን አላገኙም።

ጤነኛ አእምሮ ይህን ይወስናል ወይ?

ሁለተኛው ጥያቄ የምክንያታዊነት ነው። ተበዳይ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነው፤ "ውሳኔው ምክንያት የለውም!" ይላል። በችሎት ግን ከሦስቱ ሁሉ ለማሸነፍ የሚከብደው ይህ ነው። መለኪያውን ያወጣው የ1947ቱ የዌንስበሪ ፍርድ ነው።

ዌንስበሪ በእንግሊዝ መካከለኛው ክፍል ያለች አነስተኛ ከተማ ናት። በ1932 የወጣ ሕግ ሲኒማ ቤቶች እሑድ እንዲከፍቱ መፍቀድን ለአካባቢ አስተዳደር ይተዋል፤ አስተዳደሩም ተገቢ መስሎ የታየውን ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጥ ይችላል። የዌንስበሪ አስተዳደር ለአንድ ሲኒማ ቤት ሲፈቅድ፣ ዕድሜያቸው ከ15 በታች የሆኑ ልጆች እሑድ እንዳይገቡ፣ ከወላጅ ጋር ቢሆኑም እንዳይገቡ ብሎ ከለከለ። የሲኒማው ባለቤት ይህ ከምክንያት የራቀ ነው ብሎ ከሰሰ።

ሎርድ ግሪን ክሱን ውድቅ አደረጉት። አስተዳደሩ የልጆችን ጤንነትና ሥነ ምግባር ማሰቡ ከሥልጣኑ ውጪ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው በውሳኔው ባይስማማም ሌላው ሊስማማ ይችላል። ፍርድ ቤት በዚህ ምክንያት የሚገባው፣ ውሳኔው የትኛውም ምክንያታዊ አስተዳደር ፈጽሞ ሊደርስበት የማይችል ሲሆን ብቻ ነው አሉ። በምሳሌነት የጠቀሱት በፀጉሯ ቅላት ብቻ ከሥራ የተባረረች መምህርትን ነው። ዲፕሎክ ከ37 ዓመት በኋላ ይህንኑ መለኪያ ደገሙት፤ ጉዳዩን አስቦ የወሰነ ጤነኛ ሰው ሊደርስበት የማይችል ውሳኔ መሆን አለበት አሉ።

እንዲህ የጠበበው ያለ ምክንያት አይደለም። በሩ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ዳኛው በውሳኔው ባልተስማማ ቁጥር ምክንያታዊ አይደለም ብሎ ይሽር ነበር፤ ያን ጊዜ ክለሳው ይግባኝ ይሆናል። ኋላ ላይ በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ሕግ በኩል ጠበቅ ያለ መለኪያ ገብቷል። መሠረታዊ መብት በተነካበት ጉዳይ ዳኛው የተወሰደው እርምጃ ከሚፈለገው ዓላማ ጋር ይመጣጠናል ወይ ብሎ ይጠይቃል። በተራው ጉዳይ ግን የዌንስበሪ መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራል። ስለዚህ ልምድ ያለው ጠበቃ አቤቱታውን በዚህ ምክንያት ላይ ብቻ አያቆምም። ውሳኔው ከምክንያት የራቀ መስሎ ሲታይ፣ ከበስተ ጀርባው ብዙ ጊዜ ሌላ ጉድለት ስላለ እሱን ይፈልጋል። መሥሪያ ቤቱ ሊያየው የሚገባውን ማስረጃ ሳያይ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም የማይመለከተውን ነገር ቆጥሮ ይሆናል።

ሰምተኸዋል ወይ?

ሦስተኛው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነው፤ ኩፐር ያሸነፈው በዚህ ነበር። ሁለት ጥንታዊ ደንቦች አሉት። ውሳኔ የሚነካው ሰው ይሰማ፤ በራሱ ጉዳይ ጥቅም ያለው ሰው አይወስን። የመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚጠይቅ በሌላ ጉዳይ እንየው።

ቻርልስ ሪጅ የብራይተን ከተማ ፖሊስ አዛዥ ነበር፤ በፖሊስነት ከ30 ዓመት በላይ አገልግሏል። በ1957 ፍትሕን ለማደናቀፍ ሤራ በሚል ተከሰሰ። በየካቲት 1958 ነፃ ወጣ፤ አብረውት ከተከሰሱት የበታቾቹ ሁለቱ ግን ተፈረደባቸው፤ ዳኛውም የሪጅን አመራር ክፉኛ ተቹ። በቀጣዩ ሳምንት ፖሊስን የሚቆጣጠረው የከተማው ኮሚቴ ተሰብስቦ ሪጅን አሰናበተው። አልጠራውም፤ የተከሰሰበትን ጥፋት አልነገረውም፤ መልሱንም አልሰማም። ኋላ በሌላ ስብሰባ ጠበቃው እንዲናገር ቢፈቀድለትም ኮሚቴው በውሳኔው ጸና። ሪጅ የፈለገው ወደ ወንበሩ መመለስ አልነበረም። ራሱ እንዲለቅና የጡረታ መብቱ እንዲጠበቅለት ነበር።

በ1963 የጌቶች ምክር ቤት ስንብቱ ዋጋ የሌለው ነው ብሎ ፈረደ። የከተማው ክርክር፣ ጥፋቱ በአደባባይ የታወቀ ስለሆነ ቢሰማም ለውጥ አያመጣም የሚል ነበር። ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ቢሰማ ኖሮ ስንብት ወይስ በፈቃድ መልቀቅ በሚለው ላይ የሚናገረው ነበረው፤ ልዩነቱም የዕድሜ ልክ ጡረታው ነው። ሰው ሳይሰማ በፊት የሚናገረው ነገር እንደማይጠቅም የሚያውቅ ማንም የለም።

ይህ ክርክር ዛሬም አልሞተም። በ2015 የተሻሻለው የእንግሊዝ ሕግ፣ ጉድለቱ ባይኖርም ውጤቱ የተለየ የማይሆን መሆኑ እጅግ የሚገመት ከሆነ ፍርድ ቤቱ መፍትሔ እንዳይሰጥ ይላል። ስለዚህ ዛሬ አልተሰማሁም የሚል ሰው፣ ቢሰማ ኖሮ ምን ይናገር እንደነበር ማሳየት አለበት። አቤቱታው ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም ይኸው ነው።

በእኛ አገር

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዴት መወሰን እንዳለባቸው በዝርዝር የሚናገር አጠቃላይ ሕግ ግን ለረጅም ጊዜ አልነበረንም። ክፍተቱን የሞላው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። አዋጁ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችንና የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ከተማ አስተዳደሮችን ይመለከታል፤ በክልል መሥሪያ ቤት የተወሰነ ጉዳይ ግን በየክልሉ ሕግ የሚታይ ነው።

አዋጁ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማጽደቃቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ፣ የጸደቀውም እንዲመዘገብና በድረ ገጽ እንዲወጣ ያዛል። ውሳኔ የሚነካው ሰው እንዲሰማ፣ ውሳኔውም በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጥ ይጠይቃል። ውሳኔው ቅር ያሰኘው ሰው በመጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ያቀርባል፤ ከዚያ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት ለክለሳ ይሄዳል። በለንደን የተጠየቁት ሦስት ጥያቄዎች ለእኛም አቤቱታ መስመር ማስያዣ ይሆናሉ።

ለምሳሌ የአንድ ነጋዴ ፈቃድ ተሰረዘ እንበል። በእጁ ያለው ደብዳቤ "በመመሪያው መሠረት ፈቃድዎ ተሰርዟል" የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ነጋዴው ፍርድ ቤት ሄዶ ልጆቼ ተራቡ፣ ሱቄ ተዘጋ ብሎ ቢጽፍ እውነቱን ነው፤ ዳኛው ግን በዚህ ብቻ ውሳኔውን ሊሽር አይችልም። ጉዳቱ አቤት ለማለት መብት ይሰጠዋል እንጂ ውሳኔው ጉድለት እንዳለበት አያሳይም። ስለዚህ ነጋዴው በተራ ይጠይቅ። መጀመሪያ፦ የትኛው መመሪያ ነው? ቁጥሩ ስንት ነው? ተመዝግቧል? መመሪያውስ ለዚህ መሥሪያ ቤት የመሰረዝ ሥልጣን ይሰጣል ወይስ የማገድ ብቻ ነው? ቀጥሎ፦ ጠርተውኛል? ጥፋቴ ምን እንደሆነ ነግረውኛል? ቢጠሩኝ ምን ማስረጃ አቀርብ ነበር? የምክንያታዊነቱ ጥያቄ በመጨረሻ ይምጣ። ሌሎች ነጋዴዎች ለተመሳሳይ ጥፋት ማስጠንቀቂያ ብቻ ተሰጥቷቸው እሱ ከተሰረዘበት፣ ለልዩነቱ የተሰጠ ምክንያት አለ?

ነጋዴው ቢረታ ፍርድ ቤቱ ስረዛውን ይሽርና ጉዳዩ በትክክለኛው መንገድ እንደገና እንዲታይ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሊመልሰው ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ጠርቶ፣ ሰምቶ፣ ምክንያቱን ጽፎ፣ በትክክለኛው መመሪያ እንደገና ሊሰርዝ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በፍርዱ ማግሥት አይደናገጥም፤ ለሁለተኛው ዙር ማስረጃውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ለአንባቢ የምለው አንድ ነገር ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተወሰነብዎትን ውሳኔ በቃል ብቻ ተቀብለው አይመለሱ። በጽሑፍ ይስጡኝ፤ ምክንያቱን ይጻፉልኝ፤ የመመሪያውን ቁጥር ይንገሩኝ ይበሉ። የደረሰዎትን ቀን መዝግበው ይያዙ፤ በዚያው ቀን በአዋጁ የተቀመጠውን የቅሬታና የክለሳ ጊዜ ገደብ ይመልከቱ፤ ቅሬታዎንም በጽሑፍ አስገብተው የገባበትን ቁጥር ይቀበሉ። ዳኛው የሚመረምረው ውሳኔው የተሰጠበትን መንገድ ስለሆነ፣ መንገዱን የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ሰው በደሉ እውነት ቢሆንም በችሎት የሚያሳየው የለውም።